ስንት ፓኔል ይበቃል? መልሱ ያለው ጉድጓዱ ውስጥ ነው

ለመንደር ቦኖ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ ሊተከል ሲታሰብ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ስንት ፓኔል ያስፈልጋል?» የሚል ነው። ጥያቄው ራሱ ስሕተት የለበትም፤ ጊዜው ግን ገና ነው። የፓኔሉ ብዛት የሒሳቡ የመጨረሻ መስመር ነውና ከላይ ያሉት መስመሮች ሳይሞሉ የሚሰጥ መልስ ግምት ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ግምት የተተከሉ ፓምፖችን አይቻለሁ፤ ገሚሶቹ እኩለ ቀን ላይ ብቻ ውሃ የሚሰጡ፣ ገሚሶቹ ደግሞ ጉድጓዱን አድርቀው በየሩብ ሰዓቱ የሚቆሙ ነበሩ።

ሒሳቡ የሚያርፈው በአንዲት ቁጥር ላይ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ፣ ማለትም 1,000 ሊትር፣ አንድ ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት 2.7 ዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ይጠይቃል። የመሬት ስበት የሚያስከፍለው ዋጋ ነውና የትም ቢኬድ፣ የትኛውም ፓምፕ ቢገዛ አይቀየርም። ስለዚህ በቀን የሚፈለገውን ውሃ በሜትር ኩብ፣ ውሃው የሚነሳበትን ከፍታ በሜትር ይዞ ሁለቱን ማባዛት፣ ውጤቱን ደግሞ በ2.7 ማባዛት ነው። የሚገኘው ውሃውን ለማንሳት ብቻ የሚያስፈልገው የቀን ጉልበት ነው። ከዚህ የምንረዳው ትልቁ ነገር ውሃና ከፍታ እኩል ክብደት እንዳላቸው ነው። ከ20 ሜትር 12 ሜትር ኩብ የሚያወጣ ጉልበት ከ60 ሜትር የሚያወጣው 4 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። «ይህ ፓምፕ በቀን ይህን ያህል ያወጣል» የሚል ማስታወቂያ ከስንት ሜትር እንደሆነ ካልተናገረ ምንም አልተናገረም።

አንድ መንደር ይዘን እንሂድ። 600 ሰዎች አሉት፤ ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ብንይዝ 12,000 ሊትር፣ ማለትም 12 ሜትር ኩብ ይሆናል። ጉድጓዱ 72 ሜትር ጥልቀት አለው። ማንም ሳይቀዳ ሲያድር ውሃው ከመሬት 38 ሜትር ዝቅ ብሎ ይገኛል። ታንከሩ ከጉድጓዱ አፍ ራቅ ብሎ ከፍ ያለ ቦታ ላይ በማማ ይቆማል፤ ውሃው የሚገባበት የታንከሩ አፍ ከጉድጓዱ አፍ 10 ሜትር ከፍ ይላል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ 38 እና 10 ደምሮ 48 ሜትር ብሎ ያልፋል። ሁለት ነገር ረስቷል።

የመጀመሪያው ውሃው በተቀዳ ቁጥር የሚወርድ መሆኑ ነው። ፓምፑ ሲስብ በጉድጓዱ ዙሪያ ካለው ድንጋይና አሸዋ ውሃ ለመግባት ጊዜ ይወስድበታል፤ ስለዚህ የውሃው ወለል ወርዶ፣ የሚገባውና የሚወጣው ሲመጣጠኑ ይቆማል። የት እንደሚቆም የሚታወቀው በሙከራ ብቻ ነው። ጊዜያዊ ፓምፕ አስገብቶ በታወቀ መጠን ለረጅም ሰዓት እያወጡ የውሃውን ወለል በመለኪያ ሜትር መከታተል ያስፈልጋል። መለኪያው ጫፉ ውሃ ሲነካ ድምፅ የሚያሰማ፣ በየሜትሩ ምልክት ያለበት ሽቦ ነው። በእኛ መንደር በሰከንድ 1 ሊትር ለ24 ሰዓት ሲወጣ ውሃው ከ38 ወደ 46 ሜትር ወርዶ እዚያው ረጋ እንበል። ለሒሳቡ የሚያዘው 46ቱ ነው።

ሁለተኛው የቧንቧ ፍትጊያ ነው። ውሃ በቧንቧ ሲያልፍ ከግድግዳው ጋር ይፋተጋል፤ ፓምፑ ይህን ሲያሸንፍ ተጨማሪ ከፍታ የወጣ ያህል ይደክማል። ከፓምፑ እስከ ታንከሩ 200 ሜትር ቧንቧ አለ። የቧንቧው የውስጥ ስፋት 40 ሚሊ ሜትር ከሆነና በሰከንድ 0.9 ሊትር ከፈሰሰ ፍትጊያው ከነመታጠፊያዎቹና ከነቫልቮቹ 4 ሜትር ገደማ ይሆናል። ገንዘብ ለመቆጠብ 25 ሚሊ ሜትር ቢገባስ? ያንኑ ውሃ ለማሳለፍ ፍትጊያው ብቻ ከ30 ሜትር በላይ ይጠይቃል። የቧንቧው ስፋት በግማሽ እንኳ ሳይቀንስ ኪሳራው ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። በቧንቧ የተቆጠበው ገንዘብ በፓኔል ተመልሶ ይከፈላል፤ ያውም በየዓመቱ ሳይሆን በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ።

እንግዲህ 46፣ 10 እና 4 ሲደመሩ 60 ሜትር። በፓምፕ ወረቀት ላይ መፈለግ ያለብን ይህን ከፍታ ነው።

ከፍታውን ካገኘን ቀሪው ቀላል ነው። 12 ሜትር ኩብ በ60 ሜትር በ2.7 ሲባዛ ወደ 1,950 ዋት ሰዓት፣ ማለትም 2 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ጉልበት ነው። ይህ ግን ወደ ውሃው የገባው ብቻ ነው። ሞተሩ ይሞቃል፣ ፓምፑ ውስጥ ውሃው ይሽከረከራል፣ ፓኔሎቹንና ሞተሩን የሚያገናኘው መቆጣጠሪያም የራሱን ይወስዳል። የቀኑን ሁሉ በአማካይ ስናየው ከኤሌክትሪኩ 45 በመቶ ያህሉ ውሃ ማንሳት ላይ ከዋለ ደህና ነው። ስለዚህ ከፓኔሎቹ መውጣት ያለበት በቀን 4.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል።

የፀሐይ ነገር ደግሞ እንዲህ ይቆጠራል። ፀሐይ ጠዋት ደካማ፣ እኩለ ቀን ላይ ብርቱ፣ ወደ ማታ ደካማ ናት። የቀኑን ሁሉ ብርሃን ሰብስበን በሙሉ ብርታቷ ብቻ ብትወጣ ስንት ሰዓት ይሆን ነበር ብለን እንጠይቃለን። ደመና በሚበዛበት ወር 4.8 ሰዓት ይገኝ እንበል። አንድ ሺህ ዋት የሚል ፓኔል በዚህ ቀን 4.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣል ማለት ግን አይደለም። ጀርባው ላይ የተጻፈው ቁጥር የተለካው ፓኔሉ 25 ዲግሪ ሙቀት ሳለ ነው። ሜዳ ላይ ፀሐይ ስትመታው 60 እና 65 ዲግሪ ይደርሳል፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ያህል ኃይል ያጣል። ይህ ብቻ 15 በመቶ ነው። አቧራው፣ ኬብሉና ሌላው ተደምሮ ከተጻፈው ሦስት አራተኛውን መያዝ አያሳፍርም። 4.8ን በ0.75 ስናባዛ 3.6፤ 4.4ን ለ3.6 ስናካፍል 1.2 ኪሎ ዋት። አራት ባለ 330 ዋት ፓኔሎች 1.32 ኪሎ ዋት ይሰጣሉ። በቃን?

አልበቃንም። እስካሁን ያሰብነው ለደመናማው ወር ብቻ ነው። ባለሙያዎች ሳይቀሩ የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ መጥፎው ወር ፀሐይ የምትደክምበት ነው ብለው ያስባሉ። በበጋው መጨረሻ ፀሐይዋ ብርቱ ናት፤ ነገር ግን ምንጩና ኩሬው ደርቆ ሰው ሁሉ ቦኖው ላይ ይሰለፋል፤ በጉድጓዱም ውስጥ ውሃው ይሸሻል። በዚያ ወር ለአንድ ሰው 25 ሊትር ይፈለግ፣ የውሃው ወለል ሌላ 6 ሜትር ይውረድ፣ ፀሐይዋ ደግሞ 6.2 ሰዓት ትስጥ። ውሃው 15 ሜትር ኩብ፣ ከፍታው 66 ሜትር ሆነ። ጉልበቱ ወደ 2.7 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ከፓኔል የሚፈለገው 6 ኪሎ ዋት ሰዓት፤ ፀሐይዋ ደግሞ 6.2 በ0.75፣ ማለትም 4.65 ትሰጣለች። ሲካፈል 1.29 ኪሎ ዋት።

ፀሐያማው ወር ከደመናማው ይልቅ ብዙ ፓኔል ጠየቀ ማለት ነው። አራቱ ፓኔሎች በወረቀት ላይ ይበቃሉ፤ ሆኖም የሚተርፋቸው ከ3 በመቶ ያነሰ ነው። ለአንድ ሳምንት ካልተጠረገ አቧራ የበለጠ ያጎድላል። አምስተኛ ፓኔል ጨምረን 1.65 ኪሎ ዋት እናድርገው። ይህ ሲሆን ፓምፑ የሚንጠለጠልበትም ጥልቀት አብሮ ይታያል። በበጋ የሚሠራበት የውሃ ወለል 52 ሜትር ላይ ስለሆነ፣ ለክረምቱ በተመቸው 50 ሜትር ላይ የተሰቀለ ፓምፕ በጣም በሚፈለግበት ወር አየር ይስባል። 60 ሜትር ላይ ቢወርድ ከላዩ 8 ሜትር ውሃ ይኖረዋል፤ ከታቹም ለደለል የሚሆን ቦታ ይቀራል።

«ፓኔል ከጨመርን እኩለ ቀን ላይ ከጉድጓዱ አቅም በላይ አይስብም ወይ?» ቢባል ጥያቄው ጥሩ ነው። ጉድጓዱ የተፈተነው በሰከንድ 1 ሊትር ነው፤ ከዚያ በላይ ከሄድን ውሃው የት እንደሚወርድ አናውቅም። የቀኑን አማካይ ይዞ «በሰዓት 1.5 ሜትር ኩብ ብቻ ነው» የሚል ሰው ራሱን ያታልላል፤ የፀሐይ ፓምፕ በአማካይ አይሠራም፣ እኩለ ቀን ላይ ከአማካዩ እጥፍ ገደማ ይስባል። ጉድጓዱ መፈተሽ ያለበት ለዚያች ሰዓት ነው። እዚህ ላይ የሚያድነን የሞተሩ ልክ ነው። ሞተሩ ባለ 1.1 ኪሎ ዋት ከሆነ መቆጣጠሪያው ፓኔሎቹ የቱንም ያህል ቢያመነጩ ከዚያ በላይ አያሳልፍም። 1.1 ኪሎ ዋት በ60 ሜትር ከፍታ በሰከንድ ከ0.9 ሊትር ብዙም ፈቀቅ አይልም፤ በ66 ሜትር ደግሞ ወደ 0.85 ይወርዳል። ሁለቱም ከተፈተነው በታች ናቸው።

ታዲያ አምስተኛው ፓኔል ምን ሠራ? እኩለ ቀን ላይ ብዙም አልጨመረም። የጨመረው ረፋዱንና ከሰዓት በኋላውን ነው። ይህን ለማየት ፓምፑ ራሱ እንዴት እንደሚያስብ መረዳት ያስፈልጋል።

በብዛት የሚገባው ፓምፕ በሚሽከረከሩ ክንፎች ውሃውን የሚወረውር፣ ሴንትሪፉጋል የሚባለው ነው። የሚደርስበት ከፍታ ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ አይሄድም። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚደርስበት ከፍታ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ቢበዛ 80 ሜትር የሚገፋ ፓምፕ እንውሰድ። ጠዋት ውሃው ገና 38 ሜትር ላይ ነው፤ ታንከሩ 10 ሜትር ከፍ ስላለ የመጀመሪያዋን ጠብታ ለማድረስ 48 ሜትር መግፋት አለበት። ለዚህ ከፍጥነቱ 77 በመቶ ይፈልጋል፤ ይህን ፍጥነት ለማግኘት ደግሞ ከሞተሩ ኃይል ግማሽ ገደማ ይወስዳል። ከዚያ በታች ሞተሩ ይዞራል፣ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ውሃ ግን ቧንቧው ውስጥ ቆሞ ይቀራል። በአራት ፓኔል ይህ ደፍ የሚታለፈው የፀሐይዋ ብርታት ከሙሉው 50 በመቶ ሲደርስ ነው፤ በአምስት ፓኔል 40 በመቶ ላይ። ልዩነቱ ጠዋትና ማታ የሚገኝ ተጨማሪ የሥራ ሰዓት ነው። ለትንሽ ውሃና ለትልቅ ከፍታ ጠመዝማዛ ዘንግ በጎማ እጅጌ ውስጥ የሚዞርበት ሌላ ዓይነት ፓምፕ አለ፤ እርሱ በዝግታም ቢዞር ትንሽ ውሃ ያወጣል፣ የሚያወጣውም ከፍጥነቱ ጋር ተመጣጣኝ ነው። አሸዋ የሚያስገባ ጉድጓድ ላይ ግን ጎማው ቶሎ ያልቃል።

በዚህ ዓይን ስናየው አንድ የተለመደ ስሕተት ምን ያህል እንደሚጎዳ ይገባናል። ሁሉም ነገር ከተገዛ በኋላ ታንከሩ ይቀየራል፤ «ከዚያች ጉብታ ላይ ቢቀመጥ ለላይኛው ሰፈርም ይደርሳል» ይባላል፤ ጉብታዋ 25 ሜትር ከፍ ትላለች። በቀላል ሒሳብ 60ው 85 ሲሆን ውሃው ከ12 ወደ 8.5 ሜትር ኩብ መውረድ ነበረበት፤ ሰውም ይህን ያህል ቢቀንስ እንችላለን ይላል። ባለ 80 ሜትሩ ፓምፕ ግን ጠዋት ብቻ 73 ሜትር መግፋት ይጠበቅበታል። እኩለ ቀን አካባቢ እንደምንም ይደርሳል፤ ጥቂት እንደሳበ በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ ይወርድና የቀረችውን አቅም ይበላታል። ታንከሩ አፍ ላይ የምትታየው ጣት የማታህል ፍሰት ናት። በዚህ ሰዓት ፓኔል መጨመር አይረዳም፤ ፓምፑ ራሱ መቀየር አለበት። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ፓኔል ሲጨመር አይቻለሁ፤ የተጨመሩት ፓኔሎች ዛሬም ጥላ ከመስጠት ሌላ ሥራ የላቸውም።

ፓኔሎቹ እንዴት እንደሚያያዙ በአጭሩ ልለፈው። አምስቱ በአንድ መስመር ተከታትለው ሲገናኙ ቮልቴጃቸው ይደመራል። እያንዳንዳቸው ያለ ጭነት 46 ቮልት ቢሰጡ ድምሩ 230 ነው፤ በቀዝቃዛ ማለዳ ደግሞ ፓኔል ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ስለሚጨምር 244 ገደማ ይደርሳል። የመቆጣጠሪያው ከፍተኛ ልክ 240 ከሆነ የመጀመሪያው ጥርት ያለ ቀዝቃዛ ማለዳ ያቃጥለዋል። ስለዚህ አምስተኛውን ከመግዛት በፊት የመቆጣጠሪያው ወረቀት ይነበብ። በአንድ መስመር መያያዛቸው ሌላም መዘዝ አለው፤ የአንዲት ቅርንጫፍ ጥላ በአንዱ ፓኔል ላይ ቢያርፍ የመስመሩ ሁሉ ኃይል ይወርዳል። ፓኔሎቹ ወደ ምድር ወገብ አቅጣጫ፣ ከቦታው ኬክሮስ ጋር በሚቀራረብ ማዕዘን ይዘነብላሉ፤ ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ ቦታም ቢሆን ዝናብ አቧራውን አጥቦ እንዲወርድ ቢያንስ 10 ዲግሪ ያህል መዝመም አለባቸው። ባትሪ አያስፈልግም፤ የቀኑ ጉልበት የሚጠራቀመው በታንከሩ ውስጥ ነው። ሴቶችና ልጆች ውሃ የሚቀዱት ፀሐይ ሳትበረታ ስለሆነ ታንከሩ ቢያንስ የአንድ ቀን ውሃ መያዝ ይኖርበታል።

ሥራው ሲያልቅ የሚደረገው ርክክብ ላይ አንድ ብልሃት አለ። ጫኙ ፓምፑን የሚያሳየው ብዙ ጊዜ በጉድጓዱ አፍ ላይ ቧንቧውን ከፍቶ ነው። ውሃው ይንፎለፎላል፤ ሁሉም ያጨበጭባል። እዚያ ላይ ግን የታንከሩ 10 ሜትርና አብዛኛው ፍትጊያ የሉም። መለካት ያለበት ላይ፣ ታንከሩ አፍ ላይ ነው። ጥርት ያለ ቀን ተመርጦ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ፓምፑ ሁለት ሰዓት ከሠራና በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ ከወረደ በኋላ፣ 200 ሊትር በርሜል ይቅረብለት። በሰከንድ 0.9 ሊትር ከሆነ በ3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ገደማ ይሞላል። ይህ ቁጥር ከቀኑ ጋር የቦኖው መዝገብ ላይ ይጻፍ፤ በኋላ ፓምፑ ሲታመም የሚነጻጸረው ከእርሱ ጋር ነው።

ከዓመት በኋላ ያው በርሜል 6 ደቂቃ ቢፈጅ መጀመሪያ የሚታየው የመቆጣጠሪያው መስኮት ነው። ኃይሉ ከቀድሞው ካነሰ ምክንያቱ ከመሬት በላይ ነው፤ አቧራ፣ ያደገ ዛፍ፣ የላላ ወይም የዛገ መገናኛ። ፓኔሉን አጥቦ እንደገና መለካት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ኃይሉ እንደ ድሮው ሆኖ ውሃው ብቻ ካነሰ ችግሩ ከመሬት በታች ነው፤ ወይ የፓምፑ ክንፎች በአሸዋ ተበልተዋል፣ ወይ ቧንቧው ተቀዷል። ፓምፑ ጥሩ ጀምሮ ከቆይታ በኋላ ራሱን እያጠፋ እንደገና የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ውሃው ከፓምፑ በታች እየወረደ፣ የደረቅ መከላከያው እያቆመው ነው፤ ይህ በበጋው መጨረሻ ብቻ ከታየ ፓምፑን ጥቂት ሜትር ማውረድ ወይም የሞተሩን የፍጥነት ጣሪያ ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

የተቀደደ ቧንቧን ከተበላ ፓምፕ ለመለየት ብዙ ጊዜ ፓምፑን ከጉድጓዱ ማውጣት አያስፈልግም። ማታ፣ ፓምፑ ከቆመና መንደሩ ጸጥ ካለ በኋላ፣ የጉድጓዱን ክዳን ከፍቶ ጆሮን ማስጠጋት ነው። ጤነኛ ጉድጓድ ዝም ይላል። ከፓምፑ በላይ ያለው ቼክ ቫልቭ ውሃውን ቧንቧው ውስጥ ይዞት ያድራልና። ቧንቧው ከውሃው ወለል በላይ ከተቀደደ ግን ከጨለማው ውስጥ ውሃ ግድግዳ ሲመታ፣ ከዚያም ታች ሲንጠባጠብ ይሰማል፤ ድምፁ የሚቆመው በቧንቧው ያለው ውሃ እስከ ቀዳዳው ድረስ ሲያልቅ ነው።